አንድ ሽያጭ፣ ሦስት ውጤት፦ የፑት ሽያጭ ባክቴስት የሚያሳስትበት ቦታ

ጥያቄ፦ «ከ2012 እስከ 2019 ባለው መረጃ ላይ አንድ ቀላል ሕግ ፈትሻለሁ። 42 ቀን ገደማ የቀረው የSPY ፑት፣ ስትራይኩ ከገበያው ዋጋ 5 በመቶ ዝቅ ያለ፣ አንድ ኮንትራት እሸጣለሁ፤ ሙሉ ዋስትናውን በጥሬ ገንዘብ አስቀምጣለሁ። የፑቱ ዋጋ ከተቀበልኩት ፕሪሚየም ሦስት እጥፍ ከደረሰ በዚያው ዋጋ እዘጋለሁ፤ ካልደረሰ እስከ ማብቂያው ቀን እይዛለሁ፤ አንዱ ሲያልቅ ሌላውን እሸጣለሁ። የመግቢያውን ዋጋ ከቢድና ከአስክ መሃል ወስጃለሁ። የየቀኑን ዋጋ ግን መረጃው ስለተወደደብኝ፣ የመግቢያውን ቀን ቮላቲሊቲ ይዤ በብላክ-ሾልስ ራሴ አሰላሁት። ከሰባ ገደማ ሽያጮች የከሰሩት ስድስት ብቻ ናቸው፤ የሒሳቡ መስመርም ቀጥ ብሎ ይወጣል። ይህን ውጤት አምኜ ገንዘቤን ላስገባ?»

ምላሽ፦

በዚህ ውጤት ላይ ተመሥርተው ገንዘብ እንዲያስገቡ አልመክርዎትም። ሕጉ የግድ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም፤ ፈተናው ስለ ሕጉ ገና ምንም አልነገረዎትም ማለቴ ነው። ፑት ማለት ለገዢው አክሲዮኑን በስትራይኩ ዋጋ የመሸጥ መብት የሚሰጥ ውል ነው። ብዙ ጊዜ ገዢዎች በሚያቀርቡት ቢድና ሻጮች በሚጠይቁት አስክ መካከል ያለው ልዩነት፣ አሳይንመንት ማለትም የፑቱ ገዢ መብቱን ሲጠቀም አክሲዮኑን የመረከብ ግዴታ፣ እና የቮላቲሊቲ ማለትም የሚጠበቀው የዋጋ መዋዠቅ መጠን መለዋወጥ፣ እንደ ሦስት የተለያዩ ወጪዎች ተቆጥረው፣ ለእያንዳንዳቸው ትንሽ ትንሽ ከትርፉ ላይ ይቀነስና ጉዳዩ እንደተዘጋ ይታሰባል። በፑት ሽያጭ ግን ሦስቱም የሚመጡት ባንድ ቀን ነው፤ እርስዎ ለመውጣት በሚገደዱበት ቀን ማለት ነው። በሰላሙ ቀን ሦስቱም ከቁጥር የማይገቡ ስለሚመስሉ፣ በአማካይ የተሠራ ማስተካከያ ጉዳቱን አያሳይም። ስለዚህ አንድ ሽያጭ ብቻ ወስጄ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ልከተለው። ቀኖቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ሕግዎ ዓርብ ፌብሩዋሪ 2 ቀን 2018 ላይ ገባ እንበል። የዚያን ቀን፣ የኤስ ኤንድ ፒ 500ን መለኪያ በአንድ አሥረኛ ያህል ዋጋ የሚከተለው ፈንድ SPY በ275.45 ዶላር ዘጋ፤ ገበያው የሚጠብቀውን ቮላቲሊቲ የሚለካው VIX 17.31 ነበር። ከዚህ 5 በመቶ ዝቅ ሲሉ ስትራይኩ 262 ይሆናል፤ ማርች 16 ቀን የሚያበቃው ኮንትራት ደግሞ በትክክል 42 ቀን ይቀረዋል። ወለድንና ዲቪደንድን ለጊዜው ትተን ቮላቲሊቲውን 17 በመቶ ብናደርገው፣ ብላክ-ሾልስ 1.65 ዶላር ገደማ ይሰጠናል። አንድ ኮንትራት 100 አክሲዮን ስለሆነ 165 ዶላር ተቀብለው 26,200 ዶላር በዋስትና ያስቀምጣሉ፤ የስቶፕዎ መስመርም የ1.65 ሦስት እጥፍ፣ ማለትም 4.95 ነው። ይህ የሞዴል ዋጋ ነው፤ የዚያን ቀን ትክክለኛ የገበያ ጥቅስ አይደለም። ለምናየው ነገር ግን ይበቃል።

ሰኞ ፌብሩዋሪ 5 ቀን ኤስ ኤንድ ፒ 500 በአንድ ቀን 4.1 በመቶ ወረደ። SPY በ263.93 ዘጋ። የእርስዎን ሠንጠረዥ ብንከፍተው፣ 263.93፣ ስትራይክ 262፣ 39 ቀን፣ ቮላቲሊቲ አሁንም 17 በመቶ ብሎ የፑቱን ዋጋ 4.92 ያደርገዋል። ከስቶፑ መስመር በሦስት ሳንቲም ያነሰ ነው። ስለዚህ ፕሮግራምዎ ምንም ሳያደርግ ያልፋል፤ የዕለቱም ኪሳራ በወረቀት ላይ 3.27 ዶላር ብቻ ሆኖ ይመዘገባል።

ነገር ግን በዚያው ቀን VIX ከ17.31 ተነሥቶ 37.32 ላይ ዘጋ። ቮላቲሊቲው ከእጥፍ በላይ ሆኖ ሳለ የእርስዎ ቀመር የዓርቡን ቁጥር ይዞ ቀርቷል ማለት ነው። VIX ከብዙ ስትራይኮች፣ በተለይም ራቅ ካሉት ውድ ፑቶች፣ የተቀመረ ስለሆነ ለገበያው ዋጋ ቅርብ ለሆነ ስትራይክ እንዳለ መውሰዱ ያጋንናል፤ ስለዚህ ጠንቀቅ ብዬ 30 በመቶ ብቻ ላድርገው። በዚህ ቁጥር የዚያው ፑት ዋጋ 9.35 ዶላር ይሆናል። ኪሳራው 7.70 ነው፤ እርስዎ ከመዘገቡት ከእጥፍ በላይ። ከጠቅላላው ኪሳራ 3.27 የመጣው ከአክሲዮኑ መውረድ ሲሆን፣ የቀረው 4.43 ግን ከቮላቲሊቲው መናር ብቻ የመጣ ነው። ፑት የሚሸጥ ሰው የሚሸጠው በዋናነት ቮላቲሊቲ ሆኖ ሳለ፣ ቮላቲሊቲን ባለበት አስሮ የሚፈትን ሰው የሸጠውን ዕቃ ዋጋ ሳያይ ትርፉን እንደሚቆጥር ነጋዴ ነው።

አሁን ወደ ስቶፑ እንምጣ። በእውነተኛው ገበያ ስቶፑ በፌብሩዋሪ 5 ተነክቷል፤ ጥያቄው በስንት ወጡ የሚለው ነው። የእርስዎ ፕሮግራም «ሦስት እጥፍ ከደረሰ በሦስት እጥፍ እዘጋለሁ» ይላል፤ ይህም ገበያው በ4.95 ላይ ቆሞ እንደሚጠብቅዎ ማሰብ ነው። በቀን አንድ ጊዜ፣ በመዝጊያው ላይ ብቻ የሚመለከት ሕግ ዋጋውን የሚያገኘው 4.95 ላይ ሳይሆን 9.35 ላይ ነው። ያም የመሃል ዋጋው ነው። የሸጡትን ፑት ለመዝጋት መልሰው መግዛት አለብዎት፤ የሚገዙትም በአስክ፣ ማለትም ሻጩ በሚጠይቀው ዋጋ ነው። የSPY ኦፕሽኖች በዓለም ላይ በብዛት ከሚገበያዩት መካከል ስለሆኑ በሰላሙ ቀን በቢድና በአስክ መካከል ያለው ልዩነት ጥቂት ሳንቲም ብቻ ነው። ገበያው ሲደናገጥ ግን ዋጋ አቅራቢዎቹ ራሳቸው አደጋውን መመዘን ስለሚያዳግታቸው ክፍተቱን ያሰፋሉ፤ ያቀረቡትንም ብዛት ይቀንሳሉ። ክፍተቱ 50 ሳንቲም ሆነ ብንል ከመሃሉ እስከ አስኩ 25 ሳንቲም ይጨመራል፤ የሚዘጉትም በ9.60 ይሆናል። ኪሳራው በአክሲዮን 7.95፣ በኮንትራት 795 ዶላር ነው።

የእርስዎ ሠንጠረዥ ደግሞ ፌብሩዋሪ 8 ቀን ላይ ይነቃል። በዚያ ቀን ኤስ ኤንድ ፒ 500 2,581 ላይ ስለዘጋ SPY ከስትራይኩ በታች ገብቷል፤ ቮላቲሊቲው 17 በመቶ ሆኖ እንኳ ዋጋው ከ4.95 በእጅጉ ያልፋል። ፕሮግራሙም «በ4.95 ዘግቻለሁ፣ 3.30 ከሰርኩ» ብሎ ይጽፋል። እንዲህ ያለ ዋጋ በዚያ ቀን መዝጊያ በገበያው ላይ ሊኖር አይችልም ነበር። ስቶፕ ባይኖርዎትና እስከ ማርች 16 ይዘው ቢቆዩስ? በዚያ ዓርብ ኤስ ኤንድ ፒ 500 2,752 ላይ ዘጋ፤ SPY ከ262 በጣም በላይ ስለነበረ ፑቱ ዋጋ ቢስ ሆኖ አበቃ። ሙሉው 165 ዶላር የእርስዎ ይሆን ነበር።

እንግዲህ አንድ ሽያጭ ሦስት ውጤት አለው፦ እስከ ማብቂያው ለያዘ የ165 ዶላር ትርፍ፣ በእርስዎ ሠንጠረዥ የ330 ዶላር ኪሳራ፣ በገበያው ውስጥ ስቶፑን ላከበረ ሰው ደግሞ የ795 ዶላር ገደማ ኪሳራ። በዚህ ላይ አንባቢው እንዲያስተውል የምፈልገው አንድ ነገር አለ፤ ስቶፕ ያለው ሕግና ስቶፕ የሌለው ሕግ የተለያዩ ንግዶች ናቸው። ስቶፕ የሌለው ሕግ በየቀኑ የሚለዋወጠውን ቮላቲሊቲ ችላ ቢል በማብቂያው ቀን ውጤቱ አይለወጥም፤ መሃል ላይ ያለው የውድቀት ጥልቀት ብቻ ነው የሚሳሳተው። ስቶፕ ያለው ሕግ ግን በየቀኑ ዋጋ ላይ ስለሚወስን፣ የየቀኑ ዋጋ ሲሳሳት ውሳኔውም አብሮ ይሳሳታል። እርስዎ ስቶፕ ያለውን ሕግ መርጠው፣ ስቶፕ ለሌለው ብቻ የሚበቃ መረጃ ተጠቅመዋል።

ይህ ወደ ሰባው ሽያጮችዎ ሲመለስ ምን እንደሚያደርግ በሻካራው እናስላ። ለቀላልነት ሽያጩ ሁሉ 1.65 ያስገኘ ይሁን። በእርስዎ አቆጣጠር 64 ሽያጮች በ1.65 አትርፈው 105.60 ያመጣሉ፤ ስድስቱ በ3.30 ከስረው 19.80 ይወስዳሉ፤ የሚቀረው 85.80 ነው። ስድስቱ ኪሳራዎች እንደ ፌብሩዋሪ 5 በ7.95 ቢቆጠሩ የሚቀረው ወደ 57.90 ይወርዳል። በዚህ አያበቃም። በቋሚ ቮላቲሊቲ የተሠራ ሠንጠረዥ ገበያው ደንግጦ ቶሎ የተመለሰባቸውን ጊዜያት አያያቸውም፤ ስቶፑ በእውነት ተነክቶ ሳለ በወረቀትዎ ላይ «አትራፊ» ተብለው የተመዘገቡ ሽያጮች ይኖራሉ። ሦስት ብቻ እንዲህ ያሉ ቢገኙ፣ 61 አትራፊና 9 ከሳሪ ይሆኑና የሚቀረው 29.10 ነው። ከ85.80 ወደ 29.10 የወሰደን አንድም የተለየ ጥፋት አይደለም፤ የዘጠኝ ቀናት ዋጋ ብቻ ነው። ኪሳራው ሁሉ የፌብሩዋሪ 5ን ያህል ይከፋል ማለቴ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። የምለው የውጤትዎ ዕጣ የተንጠለጠለው በእነዚያ ጥቂት ቀናት ላይ መሆኑን፣ እርስዎም ዋጋ ያልገዙት ለእነሱው መሆኑን ነው።

በአንጻሩ ብዙ ሰው የሚጨነቅበት የመግቢያው ክፍተት እዚህ ያን ያህል አይደለም። ቢዱ 1.63፣ አስኩ 1.67 ቢሆንና በቢድ ቢሸጡ የሚያጡት ሁለት ሳንቲም ነው፤ በሰባ ሽያጭ 1.40 ይሆናል። ይህ የሚሠራው ግን ለSPY ነው። ሕጉን ወደ ግለሰብ ኩባንያዎች አክሲዮን ሲያሻግሩ፣ ቢድ 0.80 እና አስክ 1.10 የሆነ ፑት ማየት የተለመደ ነው። መሃሉ 0.95 ነው ብሎ መሸጥ፣ ከፕሪሚየሙ ውስጥ 15 ሳንቲም ወይም 16 በመቶ ያህሉን ማንም ያልሰጠዎትን ገንዘብ እንደ ገቢ መቁጠር ነው። እኔ ራሴ በጀማሪነቴ እንዲህ ባለ አክሲዮን ላይ የሠራሁት ፈተና በዓመት ሁለት አሃዝ ትርፍ አሳይቶኝ ነበር፤ በመሃል ዋጋ የሰጠሁት ትዕዛዝ ግን ቀኑን ሙሉ ሳይፈጸም ይውላል፤ ከተፈጸመም የሚፈጸመው ገበያው በእኔ ላይ ሲዞር ነበር። ይህ ሁለተኛው ነገር በየትኛውም ሠንጠረዥ አይታይም፤ በመሃል ዋጋ የሚጠብቅ ሻጭ በብዛት የሚሸጥለት መሸጥ ባልነበረበት ሰዓት ነው።

ስለ ሰዓትም አንድ ነገር ልጨምር። SPY ራሱ መደበኛ ግብይቱን በኒው ዮርክ ሰዓት ከቀትር በኋላ 4:00 ላይ ሲዘጋ፣ በዚያ ጊዜ የSPY ኦፕሽኖች እስከ 4:15 ይገበያዩ ነበር። የኦፕሽኑን የመጨረሻ ጥቅስ ከአክሲዮኑ የ4:00 ዋጋ ጋር አጣምረው ቮላቲሊቲ ካሰሉ፣ የሁለት የተለያዩ ሰዓቶችን ዋጋ ነው ያጣመሩት። በተራ ቀን ችግር የለውም፤ በፌብሩዋሪ 5 ቀን 2018 ግን የVIX ፊውቸርስ ዋጋ እጅግ የናረው በመዝጊያው አካባቢና ከዚያ በኋላ ባሉት ደቂቃዎች ነበር። በቮላቲሊቲ መውረድ ላይ የተመሠረተው XIV የተባለው የገበያ ኖት ከ90 በመቶ በላይ ዋጋውን ያጣው በዚያ ምሽት ነው። መረጃ ሲገዙ ጥቅሱና የአክሲዮኑ ዋጋ በአንድ ቅጽበት የተነሡ መሆናቸውን ይጠይቁ፤ ከመዝጊያው ሩብ ሰዓት ቀደም ብሎ የተነሣ ጥቅስ ከመጨረሻው ጥቅስ ይልቅ ይታመናል።

የቮላቲሊቲ መለዋወጥ ሌላም መልክ አለው፤ ይህኛው ደግሞ ከ2012 እስከ 2019 ያለውን ምርጫዎን ይመለከታል። «5 በመቶ ዝቅ ያለ ስትራይክ» የሚለው ሕግ በየጊዜው አንድ ዓይነት ሽያጭ ይመስላል፤ አይደለም። በዚያው 275.45 ዋጋና በ42 ቀን፣ ቮላቲሊቲው 10 በመቶ ቢሆን የ262 ፑት 28 ሳንቲም ገደማ ነው፤ 17 በመቶ ሲሆን 1.65፤ 30 በመቶ ሲሆን 5.50 ገደማ ይደርሳል። በመጀመሪያው ሁኔታ የሚሸጡት ዴልታው፣ ማለትም አክሲዮኑ በአንድ ዶላር ሲንቀሳቀስ የፑቱ ዋጋ የሚንቀሳቀስበት መጠን፣ 7 በመቶ ያህል የሆነ የሩቅ ስጋት ነው፤ በመጨረሻው ዴልታው ወደ 30 በመቶ የሚጠጋ የቅርብ ስጋት ነው። የ2017ን ዓመት ያስታውሱ፤ VIX ለወራት በ10 አካባቢ ሲንከላወስ ከርሞ፣ ኤስ ኤንድ ፒ 500 ዓመቱን ሙሉ ከከፍታው 3 በመቶ እንኳ አልወረደም። በዚያ ዓመት 5 በመቶ ዝቅ ያለ ፑት የሸጠ ሁሉ አሸንፏል፤ ያሸነፈውም ጥቂት ሳንቲሞችን ነው፤ ከ28 ሳንቲም ላይ ሁለት ሳንቲም ለክፍተቱ ሲሄድ ደግሞ 7 በመቶው ቀለጠ። «ከሰባ ስድስት ብቻ ከሰሩ» የሚለው ቁጥርዎ እነዚህን ትንንሽ ድሎች ከትልልቆቹ ጋር እኩል ይቆጥራል። ስትራይኩን በመቶኛ ሳይሆን በዴልታ መምረጥ፣ ለምሳሌ ሁልጊዜ 20 ዴልታ፣ ቢያንስ ስጋቱን ተቀራራቢ ያደርገዋል። ያም ቢሆን ዴልታው ራሱ ከዕለቱ ጥቅስ መውጣት አለበት፤ ባለፉት 20 ቀናት ከነበረው የአክሲዮን እንቅስቃሴ ካሰሉት ሰላሙ ሊያበቃ ሲል ሩቅ የመሰለዎትን ስትራይክ በጣም ቀርበው ይሸጣሉ።

አሳይንመንትን በመጨረሻ ያስቀመጥኩት፣ ብዙዎች የሚፈሩት ያለ ቦታው ስለሆነ ነው። የSPY ኦፕሽን አሜሪካን የሚባለው ዓይነት ስለሆነ፣ ገዢው በማንኛውም ቀን መብቱን ተጠቅሞ 100 አክሲዮን በስትራይኩ ዋጋ ሊያስረክብዎት ይችላል። ይህን የሚያደርገው ግን የሚያዋጣው ሲሆን ነው፤ ገንዘቡን ቀድሞ በማግኘት የሚያተርፈው ወለድ፣ በፑቱ ላይ ከቀረው የጊዜ ዋጋ ሲበልጥ ማለት ነው። በፌብሩዋሪ 2018 የአሜሪካ የአጭር ጊዜ ወለድ 1.4 በመቶ ገደማ ስለነበረ፣ በ262 ዶላር ላይ የ36 ቀን ወለድ 36 ሳንቲም ያህል ነው። የዚያ ፑት የጊዜ ዋጋ ግን በርካታ ዶላር ነበር። ስለዚህ በእኛ ምሳሌ ቀድሞ የመጠቀም ስጋት ከቁጥር የሚገባ አልነበረም፤ ወለድ 5 በመቶ በሆነበት ዘመንና አክሲዮኑ ከስትራይኩ በጣም በታች በገባበት ጊዜ ግን ስሌቱ ይገለበጣል። ዲቪደንድ በቅርብ የሚከፈል ከሆነ ደግሞ የፑት ባለቤት አክሲዮኑ በዲቪደንዱ ልክ እስኪወርድ መጠበቅ ስለሚሻለው፣ ቀኑ እስኪያልፍ ይታገሣል።

እውነተኛው ችግር ከአሳይንመንት በኋላ ያለው ነው። ሕግዎ ስቶፕ ባይኖረውና ዓርብ ፌብሩዋሪ 21 ቀን 2020 ላይ ቢገባ ምን ይሆን ነበር? SPY 333.48 ነበር፤ 5 በመቶ ዝቅ ያለው ስትራይክ 317 ነው። ለስሌት እንዲመች አጠር ያለውን፣ ማርች 20 የሚያበቃውን ወስደን ፕሪሚየሙን 2 ዶላር እንበል። በማርች 20 ቀን SPY በ228.80 ዘጋ። በስትራይኩና በዚህ ዋጋ መካከል ያለው 88.20 ነው፤ የተቀበሉት 2 ዶላር ሲቀነስ በኮንትራት 8,620 ዶላር ኪሳራ ይሆናል፤ ካስቀመጡት 31,700 ዶላር ላይ 27 በመቶ። በ2 ዶላር ፕሪሚየም ይህን ለመመለስ ከ43 የበለጡ ያለ እንከን ያለፉ ሽያጮች ያስፈልጋሉ። ፈተናዎ በ2019 በማብቃቱ ይህ ወር የለበትም።

ቁጥሩን ብዙ ሰው እስከዚህ ድረስ በትክክል ያሰላል። ስህተቱ የሚጀምረው ሰኞ ማለዳ ነው። ፕሮግራሙ ኪሳራውን ከሒሳቡ ቀንሶ፣ በቀረው 23,080 ዶላር ወዲያው አዲስ ፑት ይሸጣል፤ በማርች 20 VIX 66 ላይ ስለዘጋም እጅግ ወፍራም ፕሪሚየም ያገኛል፤ የሒሳቡም መስመር በሚያስገርም ፍጥነት ይመለሳል። በእውነተኛው ሒሳብዎ ግን ቅዳሜና እሑድ ላይ የሚያገኙት ጥሬ ገንዘብ አይደለም፤ በ317 ዶላር የተገዙ 100 የSPY አክሲዮኖች ናቸው። ለአዲስ ፑት ዋስትና የሚሆን ገንዘብ እንዲኖርዎት አክሲዮኖቹን መሸጥ አለብዎት፤ የሚሸጡትም በዓርብ መዝጊያ ዋጋ ሳይሆን ሰኞ በሚገኘው ነው። ሰኞ ማርች 23 ቀን ገበያው ተጨማሪ 3 በመቶ ያህል ወርዶ፣ በኋላ የወረርሽኙ ውድቀት ዝቅተኛ መዝጊያ በሆነው ቁጥር ላይ ዘጋ። አክሲዮኖቹን ይዤ እጠብቃለሁ የሚል ደግሞ ኤስ ኤንድ ፒ 500 ወደዚያ ስትራይክ ከፍታ እስኪመለስ እስከ ጁን መጀመሪያ ይጠብቃል፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ፣ ፕሪሚየሙ በዓመታት ውስጥ ከፍተኛ በሆነበት ወራት፣ አንድም ፑት አይሸጥም። ሁለቱም መንገድ ይፈቀዳል። የማይፈቀደው አክሲዮኑን ይዞ ሲያገግም ትርፉን መቁጠር፣ በዚያው ገንዘብም አዲስ ፑት መሸጥ ነው፤ ባክቴስቶች ደግሞ ይህን ሳያስቡት ያደርጉታል፤ አንድን ገንዘብ ሁለት ጊዜ ያሠሩታል። በሕግዎ ውስጥ «ከአሳይንመንት በኋላ» የሚል ዓረፍተ ነገር ስላላየሁ፣ ፕሮግራምዎ ይህን ለእርስዎ ሳይነግርዎ ወስኖልዎታል ማለት ነው።

ፈተናውን እንደገና ሲሠሩ ከዚህ ይጀምሩ። ሙሉውን የስምንት ዓመት የየቀኑ ጥቅስ መግዛት ከከበደዎት፣ SPY በአምስት ቀን ውስጥ ከ3 በመቶ በላይ የወረደባቸውን ጊዜያት ብቻ ለይተው የእነዚያን ሳምንታት የቢድና አስክ መረጃ ይግዙ፤ ውጤትዎ የሚወሰነው እዚያ ነው። የመሸጫ ዋጋውን በአንድ ቁጥር ከማሰር ይልቅ ደግሞ በሚንቀሳቀስ መለኪያ ያድርጉት፦

```python
def sell_fill(bid, ask, k):
    return (bid + ask) / 2 - k * (ask - bid) / 2

def buy_fill(bid, ask, k):
    return (bid + ask) / 2 + k * (ask - bid) / 2
```

`k` ዜሮ ሲሆን በመሃል ዋጋ፣ አንድ ሲሆን ሲሸጡ በቢድ፣ ሲገዙ በአስክ ነው። ፈተናውን በ0፣ በ0.5 እና በ1 ያስኪዱት። ለመግቢያ 0.5 ምክንያታዊ ነው፤ ስቶፕ ሲነካ ግን ሁልጊዜ 1 ይጠቀሙ፤ ዋጋውንም ስቶፑ መነካቱ ከታየበት ጥቅስ ሳይሆን ከሚቀጥለው ጥቅስ ይውሰዱ። በመዝጊያው ላይ ብቻ የሚያዩ ከሆነ የሚቀጥለው ጥቅስ የማግስቱ ጠዋት ነው። ይህም አንዳንዴ ይጎዳዎታል፣ አንዳንዴም ይጠቅምዎታል፤ ከፌብሩዋሪ 5 በማግስቱ ገበያው ዝቅ ብሎ ከከፈተ በኋላ አገግሞ ስለዘጋ፣ ከ9.35 ባነሰ ሊወጡ ይችሉ የነበረው ዘግየት ብለው ነው። የሚጎዳውን ብቻ መርጦ ማስተካከልም እንደ ሌላው ማታለል ነው።

ፕሮግራሙ ራሱ ትክክል መሆኑን ለማረጋገጥ ጥሩ መመዘኛ አለ። የቺካጎው የኦፕሽን ገበያ ሲቦ `PUT` የሚባል መለኪያ በ2007 አውጥቷል፤ በየወሩ ለገበያው ዋጋ የቀረበ የኤስ ኤንድ ፒ 500 ፑት እየሸጠ፣ ዋስትናውን በአሜሪካ የግምጃ ቤት ሰነድ የሚያስቀምጥ ሕግ ነው፤ ታሪኩም ወደ ኋላ እስከ 1986 ተሰልቷል። ያ መለኪያ የሚሸጠው በማብቂያው ቀን ብቻ የሚሠራና በጥሬ ገንዘብ የሚወራረድ ኦፕሽን ስለሆነ አሳይንመንት የለበትም። የእርስዎን ፕሮግራም ስቶፑን አጥፍተው፣ ስትራይኩን 5 በመቶ ዝቅ ከማድረግ ይልቅ በገበያው ዋጋ ላይ አድርገው፣ በየወሩ ሦስተኛ ዓርብ እየሸጡ ያስኪዱት፤ ከዚያ የየወሩን ውጤት ከ`PUT` ጋር ጎን ለጎን ያስቀምጡ። በኦገስት 2015፣ በፌብሩዋሪ 2018 እና በዲሴምበር 2018 ያሉት ወራት ተቀራራቢ ካልሆኑ፣ ስለ 5 በመቶውም ሆነ ስለ ሦስት እጥፉ ስቶፕ ከመነጋገራችን በፊት የሚታረም ስህተት በኮዱ ውስጥ አለ።